ባንኩ ዶላር ሲሸጥልን አንድ ዋጋ፣ ከእኛ ሲገዛ ሌላ ዋጋ፤ መሃል ላይ ያለው ብር የት ገባ?

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ ዕቃ ልታይ ዱባይ ልትሄድ ነው፣ እዚሁ ባሕር ዳር ከአንድ ባንክ ዶላር ልታወጣ ስትዘጋጅ ሒሳቡን ላግዝሽ ብዬ ገባሁበት እና አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የባንኮቹ ሰንጠረዥ ላይ መግዣ የሚል አለ፣ መሸጫ የሚል አለ፣ ሁለቱ እኩል ሆነው አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ላይ ስለ ኮሚሽን ስጠይቅ ለዚህ ምንም አናስከፍልም ተባልኩ። ምንም ካላስከፈሉ ታዲያ ሁለት ዋጋ ለምን አስፈለገ?

ለሒሳብ እንዲመች ሁሉም የሚያስታውሰውን ቀን ልውሰድ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለ ዕለት። ያን ቀን ንግድ ባንክ ያወጣው የዶላር መግዣ 74.7364፣ መሸጫው 76.2311 ነበር። በዚህ ዋጋ 500 ዶላር ለማውጣት 38,115 ብር ከ55 ሳንቲም ትከፍላለህ። እሺ፣ ከባንኩ በር ሳትወጣ ስልክ ተደወለና ጉዞው ቀረ እንበል፣ ዞር ብለህ ያንኑ 500 ዶላር ብትመልስ የምትቀበለው 37,368 ብር ከ20 ነው። 747 ብር ጠፋ። ዋጋው አልተለወጠም፣ ቀኑም አልመሸም፣ ደረሰኙ ላይም የአገልግሎት ክፍያ የሚል መስመር የለም። ጥያቄዬ ይሄ ገንዘብ የምን ዋጋ ነው፣ እና አንድ መንገደኛ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ በዚህ መንገድ በጠቅላላው ስንት ይበላበታል ነው።

(ክሩ ስለረዘመና መሃል ላይ የተሰረዙም ስላሉ፣ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እኔው እተርካቸዋለሁ።)

1. መጀመሪያ የመጣው የሽንብጥ ልጅ የሚባለው ነው፣ በጣም በትህትና። ጥያቄው የሱም እንደሆነ፣ እንዲያውም እሱ ለረጅም ጊዜ መግዣ የሚለውን እኔ የምገዛበት ነው ብሎ እንደሚያነበው ጻፈ። ለአንድ ስልጠና ናይሮቢ ሲሄድ በዚያ ዋጋ አስልቶ ብሩን ይዞ ሄዶ መስኮት ላይ ጎደለበት፣ ከኋላው የተሰለፈ ሰው አበደረው። ሰንጠረዡ የተጻፈው ባንኩ ሆኖ እንጂ ደንበኛው ሆኖ አይደለም፣ አንተ ዶላር ፈልገህ ከሄድክ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር እይ ነው ምክሩ። አጭርና ልክ የሆነ መልስ ነበር፣ ሰላሳ ምናምን ሰው ወደደለት።

2. ቀጥሎ መስኮት 4 የሚል ስም ያለው ገባ። ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ላይ ሠርቶ የወጣ ሰው እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ከአንተ የተገዛው ዶላር እዚያው ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ቁጭ እስካለ ድረስ አንዲት ሳንቲም ወለድ አይወልድም፣ ብሩን ግን ባንኩ ለአንተ ዛሬውኑ ከፍሎሃል፣ ያ ብር ቢበደር ኖሮ ወለድ ያመጣ ነበር። ከዚያ ኖቱ ይቆጠራል፣ ፎርጅድ እንዳይሆን በማሽንም በእጅም ይፈተሻል፣ ሲጠራቀም በጥበቃና በኢንሹራንስ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፣ ፎርጅዱ አምልጦ ከገባ ኪሳራው የባንኩ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ባንኮች ሰንጠረዡ ላይ ለጥሬ ገንዘብ አንድ ረድፍ፣ በሒሳብ ለሚተላለፍ ሌላ ረድፍ የሚያወጡት ይላል። በሐዋላ የመጣ ዶላር ኖት የለውም፣ ማንም አይጭነውም። በመጨረሻ ግን ነገሩን አላሽሞነሞነም፣ ከዚህ ሁሉ ወጪ በላይ የሚተርፈው የባንኩ ትርፍ ነው፣ ባንክ ደግሞ ትርፍ ይፈልጋል ብሎ ቋጨ።

3. አንዱ ጨዋታ ወዳድ ይሄ ሁሉ ለምን፣ ቀላል ነው አለ። ጣና ዳር ቀረሶ ከአስጋሪው የሚረከበው ነጋዴ በረከሰ ገዝቶ ገበያ ላይ በተወደደ ይሸጣል፣ ማንም ሌባ አይለውም፣ ባንክም እንደዚያው ነው። ብዙ ሳቅ ተሰጠው።

4. መስኮት 4 ተመልሶ ምሳሌው ግማሹ ብቻ እንደሚሠራ አስረዳ፣ እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ የተማርኩበት ቦታ ይሄ ነው። የዓሣ ነጋዴ የሚፈራው ሳይሸጥ እንዳይበሰብስበት ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ሸጦ መገላገል ይፈልጋል። እዚህ አገር ዶላር ይዞ የተቀመጠ ባንክ ግን ዶላሩ አይበሰብስበትም፣ ብሩ ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። ፍርሃቱ በሌላ በኩል ነው። ዛሬ 500 ዶላር ለአንተ ሸጦ ካዝናውን ባዶ ካደረገ፣ ነገ ለሚመጣው ደንበኛ የሚሆን 500 ዶላር ከሌላ ሰው መግዛት አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ነገ የሚጠይቀው ዋጋ ከዛሬው ሊበልጥ ይችላል። መሸጫው ከመግዣው ከፍ የሚለው ለዚህ መተኪያ ጭምር ነው። ዋጋው በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት ሰሞን፣ ቁጥጥር በሌለበት አገር፣ ልዩነቱ ወዲያው የሚሰፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

5. እስከዚህ ድረስ ጨዋ ወሬ ነበር። ጉድ በል የሚባለው መጣና ሁላችሁም ባንክ ትሟገታላችሁ እንጂ ይሄ ዘረፋ ነው አለ። ቁጥሩን ቢሮ ቁጭ ብለው እንደፈለጉ ይፈጥሩታል፣ ዛሬ አንድ ብር ከግማሽ ነገ አምስት ብር ይሆናል፣ ማን ይጠይቃቸዋል እያለ ረጅም ነገር ጻፈ፣ ግማሹ ስለ ብድር ወለድ ነበር።

6. መስኮት 4 እዚህ ላይ ትንሽ ሞቀው። የለጠፍኩትን ቁጥር ራሱን ካልኩሌተር ላይ እንዲያስገባ ነገረው፣ 74.7364ን በ1.02 ብታበዛው ልክ 76.2311 ይመጣል። ማለትም የመጀመሪያው ቀን መሸጫ በመግዣው ላይ 2 በመቶ ተጨምሮበት የወጣ እንጂ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። በኋላም በጥቅምት 2017 አካባቢ ብሔራዊ ባንክ በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለው ልዩነት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ አዟል፣ ምክንያቱም ከሐምሌ በኋላ በነበሩት ወራት አንዳንዶቹ ልዩነቱን በጣም ለጥጠውት ነበር። ስለዚህ ጉድ በል የሚለው ነገር የሆነበት ጊዜ ነበር፣ ከዚያ ትእዛዝ ወዲህ ግን አጥር ተበጀለት። አጥሩ ግን ዋጋው ላይ ነው፣ ከዋጋው ውጭ ለብቻ የሚጻፍ የአገልግሎት ክፍያ ሌላ ነገር ነው፣ መንገደኛ የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው አለ። አክሎም ጉድ በልን ሳያነብ የሚጽፍ ሰው ብሎ ሰደበው፣ ባይለው ጥሩ ነበር።

7. ጉድ በል መለሰ፣ ስድቡን ልዝለለውና ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፣ ክፍያው ለብቻ ከተጻፈ የቱ ጋ ይታያል የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው በእውነቱ።

8. መስኮት 4 ረገብ ብሎ፣ ሰንጠረዡን ትተህ ሠራተኛዋን አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት አለ፣ ለ500 ዶላር ከሒሳቤ በጠቅላላ ስንት ብር ነው የሚወጣው። የምትነግርህን ለ500 አካፍለው፣ የዶላሩ እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው። በ76.2311 ላይ 3 በመቶ ክፍያ አለ እንበል፣ ከሒሳብህ የሚወጣው 39,259 ብር ይሆናል፣ ሲካፈል አንዱ ዶላር 78 ብር ከ52 ሳንቲም ገደማ ወጣብህ ማለት ነው። መሸጫው በሁለት ባንክ እኩል ሆኖ ይሄኛው ቁጥር ሊለያይ ይችላል። 3 በመቶው ለምሳሌ የተወሰደ ነው፣ ከባንክ ባንክ ይለያያል። የተባለውም ሆነ የተጻፈው እንዲመሳከር ደረሰኙን አትጣለው ብሎ ጨመረ። እኔም እዚሁ ላይ ገብቼ፣ ምንም አናስከፍልም የተባልኩት ምናልባት ስለ ሌላ አገልግሎት እንደሆነ ጠየቅኩ፣ በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም ነው መልሱ።

9. አንድ አባት ገቡ፣ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው እዚህ መድረክ ላይ። በደርግ ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም እንደነበረ፣ ከዓመት ዓመት እንደማይንቀሳቀስ፣ በ1985 መስከረም ላይ አንድ ቀን ተነስቶ 5 ብር ሲገባ ሰው እንዴት እንደደነገጠ አወጉን። ከጥያቄው ጋር የሚያገናኘው ብዙ የለም ግን ደስ ይላል። እንዲያውም ሁለት ሰው ያኔ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ጠየቃቸውና ወሬው ለጥቂት መልስ ያህል ወደ ድሮው ባሕር ዳር ዘንባባና ብስክሌት ሄደ (10ን እና 11ን በዚህ እለፉኝ)።

12. ዘጌ የሚሠራ የጀልባ ልጅ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ነው የተረዳው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያደረሳቸው እንግዶች በጉርሻ የሰጡት 50 ዶላር ጠርዙ ተቀዶ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ባንክ አልቀበልም አለው፣ የተለያየ ዋጋ ማለት ይሄ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ የተቀደደው በስንት ይሄዳል ማለቱ ነው።

13. የሽንብጥ ልጅ ምስኪን ብሎ አዘነለትና ሌላ ቅርንጫፍ እንዲሞክር መከረው። መስኮት 4 ደግሞ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ከርዕስ የወጣ እንዳልሆነ ተናገረ፣ የተቀደደና የተጻፈበት ኖት ባንኩም በተራው ለማንም መስጠት ስለማይችል አለመግዛቱ ይሻለዋል፣ ለጥሬ ገንዘብ የተለየ ረድፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መንገደኛ ከባንክ ዶላር ሲቀበል እዚያው መስኮት ላይ አንድ በአንድ አይቶ የቆሸሸውን እንዲያስለውጥም መከረ፣ ውጭ አገር የምንዛሪ ሱቆችም እንዲህ ያለውን ወይ አይወስዱም ወይ በርካሽ ነው የሚወስዱት። የጀልባው ልጅ እሺ አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ፣ 50ው ምን እንደሆነ አልሰማንም።

14. ሒሳብ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ሰው መጥቶ ሁላችሁም በከንቱ ትጨነቃላችሁ አለ። ብር እየወረደ ነው፣ ስለዚህ ከጉዞ የተረፈ ዶላር ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ ነው፣ በ2016 ሰኔ በ58 ብር ገደማ ዶላር ያወጣ ሰው ሐምሌ 22 ላይ በ74 ሸጦ ደህና አተረፈ፣ የ2 በመቶ ልዩነት የሚባል ነገር ማንም አያስታውሰውም።

15. ይሄኛውን የመለሰችው ሰነድ አጣሪ የምትባል ልጅ ናት፣ ኦዲት ላይ የምትሠራ ይመስለኛል። ቁጥሩ ልክ እንደሆነ አልካደችም። ግን ሁለት ነገር ቀላቅለሃል ብላ አረመችው። የዋጋ መውጣት አንድ ነገር ነው፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ልዩነቱ ግን ዋጋው ወጣም ወረደም ሁልጊዜ ይከፈላል። በ76.2311 የገዛ ሰው ገንዘቡን ሳይጎድል እንዲያገኝ የባንኩ መግዣ ራሱ 76.2311 መድረስ አለበት፣ ማለትም 2 በመቶ ገና ወጥቶ ነው ዜሮ ላይ የሚቆመው። መግዣው በአንድ ሌሊት ከ57 ወደ 74 የሚዘልበት ቀን ደግሞ የመንገደኛ ዕቅድ አይደለም። ሰውዬው መልስ አልሰጣትም፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ክር ላይ ያንኑ ነገር ሲጽፍ አይቼዋለሁ፣ ምን ይደረግ።

16. ከዚህ በኋላ ነው የክሩ ዋና ነገር የመጣው ብዬ አምናለሁ። ዱባይ እየተመላለሱ ልብስ የሚነግዱ፣ ሱቃቸው እዚሁ ባሕር ዳር የሆነ እትዬ የምንላቸው ሴት ጻፉ፣ ነጥብ የለ ሰረዝ የለ አንድ ትንፋሽ ነው። እናንተ እዚህ በባንኩ 2 በመቶ ትጣላላችሁ፣ እኔን የበላኝ እሱ አይደለም፣ የበላኝ ያኛው አገር መስኮት ነው ይላሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ለታክሲ ብለው አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው መስኮት ላይ ዶላራቸውን በሙሉ ዘረዘሩ፣ ለአንዱ ዶላር 3 ድርሃም ከ52 ሰጧቸው። በነጋታው ዴራ ሰፈር ሱቅ ሲገቡ ጎረቤቱ የምንዛሪ ሱቅ 3 ከ66 እንደሚገዛ አዩ። ሲመለሱ ደግሞ የተረፋቸውን ድርሃም እንደገና አየር ማረፊያ ላይ ወደ ዶላር ሲለውጡ አንዱን ዶላር በ3 ከ83 ሸጡላቸው። ኮሚሽን የለም የሚል ትልቅ ጽሑፍ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ልክ ናቸው፣ የለም ይላሉ እትዬ፣ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል እንጂ።

17. ሰነድ አጣሪ ይሄንን ይዛ ከኔ 500 ዶላር ጋር አገናኘችው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ እዚያ መስኮቱ የዋጋ መዋዠቅ ፈራሁ ሊል አይችልም፣ ከ3.6725 የራቀው በሙሉ የኪራይና የትርፍ ነው። ከዚያ አንድም ድርሃም ሳይወጣ ገንዘቡ ብቻ ዞሮ ቢመለስ ምን ይሆናል ብላ ሁለት መንገድ አሰላች። እንደ ከተማው ሱቅ በ3.66 ዘርዝረህ በ3.69 ብትመልስ 500ው 1,830 ድርሃም ሆኖ፣ ተመልሶ 495 ዶላር ከ93 ይሆናል፣ ባሕር ዳር በ74.7364 ስትሸጠው 37,064 ብር። ከ38,115ቱ 1,051 ብር ጎደለ፣ 2.8 በመቶ ገደማ። እንደ እትዬ የመጀመሪያ ጊዜ በ3.52 ዘርዝረህ በ3.83 ብትመልስ ግን 1,760 ድርሃም ሆኖ 459 ዶላር ከ53 ብቻ ይመለሳል፣ በብር 34,343 ነው። 3,772 ብር ሄደ፣ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ። በሁለቱም መንገድ የአገር ቤቱ ባንክ ያው 2 በመቶ ነው፣ የቀረውን ሁሉ የፈጠረው መሃል ላይ ያለው መስኮት ነው።

18. እኔ ገብቼ፣ እህቴ ይሄን ሁሉ ገንዘብ አዙራ አትመልስም፣ አብዛኛውን ዕቃ ትገዛበታለች፣ ታዲያ ሒሳቡ ይጋነናል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሰነድ አጣሪ ትክክል ነው አለች፣ የምታወጣው ገንዘብ መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ጊዜ የሚቀጣው ተርፎ የሚመለሰው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን መቀነሻው ብዙ ተርፎ እንዳይመጣ አድርጎ ማውጣት፣ ድርሃሙንም ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ እየዘረዘሩ መሄድ ነው። እትዬ ደግሞ ለታክሲና ለውሃ 20 ዶላር አየር ማረፊያ፣ ሌላውን ከተማ ብለው በአጭሩ ዘጉት። እህቴ አንብባዋለች።

19. አንዱ ታዲያ ሁልጊዜ ዶላር ያዙ፣ ዩሮ እንዳትይዙ፣ ሰንጠረዡን እዩት የዩሮ ልዩነት ከዶላሩ ይበልጣል አለ። ግማሹ እውነት ነው።

20. መስኮት 4 በብር ሲታይ እንደሚበልጥ፣ ያ ግን አንዱ ዩሮ ራሱ ከአንዱ ዶላር ስለሚወደድ እንደሆነ አስረዳው፣ ፓውንድ ብታይ ደግሞ ከሁለቱም ይሰፋል። ልዩነቱን በብር ሳይሆን በመቶኛ አስልተህ ነው የምታወዳድረው፣ መሸጫው ሲቀነስ መግዣው፣ ለመግዣው ሲካፈል። ጀርመን የሚሄድ ሰው ዶላር ይዞ ቢሄድ እዚያ ደርሶ እንደገና ዩሮ መግዛት አለበት፣ አንድ ተጨማሪ መስኮት ማለት ነው። ድርሃም ግን እዚህ ሁሉም ባንክ ጋ ኖቱ ስለማይገኝ ዱባይ ብዙ ጊዜ በዶላር ነው የሚኬደው። ሰውዬው ግን አልተቀበለም፣ ዩሮ የቀጣኝ እኔን ነው አንተን አይደለም ብሎ ወጣ፣ የት ቀጣው እንዴት ቀጣው ብንለው አልነገረንም።

21. አንድ አዲስ ስም ገብቶ ይሄን ሁሉ ትታችሁ ከሰው እጅ ለምን አትገዙም፣ ልዩነት የለ ወረፋ የለ ብሎ ስልክ ቁጥር ለጠፈ።

22. አስተዳዳሪው ሰረዘው፣ ስልኩንም ሰውየውንም። ጉድ በል ግን ሳይሰረዝ በፊት አይቶት ኖሮ፣ ይገርማል፣ በዚህ ጊዜ ባንኩን ደግፎ ጻፈ። መንገድ ላይ የገዛው የጎረቤቱ ልጅ ፎርጅድ ይዞ አየር ማረፊያ ላይ መያዙን፣ ልዩነት የለም ማለትም ውሸት እንደሆነ፣ የመንገድ ነጋዴም ከአንተ ሲገዛ ሌላ ሲሸጥልህ ሌላ ዋጋ እንደሚነግርህ፣ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ነው የማይታይህ አለ። መስኮት 4 ወደደለት። ታረቁ መሰለኝ።

23. ለጥምቀት የመጣ፣ ውጭ የሚኖር የባሕር ዳር ልጅ ካርድ ስለሚጠቀሙ ሰዎች አነሳ። ኢስታንቡል ትራንዚት ሲያደርግ ሱቅ ውስጥ የካርድ ማሽኑ በቱርክ ገንዘብ ይከፈል ወይስ በራስህ ገንዘብ ብሎ ይጠይቀዋል፣ የራሱን ሲመርጥ ቁጥሩ ስለሚገባው ደስ ይለዋል፣ ግን በዚያ ጊዜ ምንዛሪውን የሚተምነው የሱ ባንክ ሳይሆን የሱቁ ማሽን ባለቤት ነው፣ የሚጨምርበትንም እሱ ይወስናል። ሁለቱን ደረሰኞች አስተያይቶ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሄደበትን አገር ገንዘብ እንደሚመርጥ ጻፈ። ኤቲኤም ላይም ይሄው ጥያቄ ይመጣል፣ ያለ ምንዛሪ ቀጥል የሚለውን ነው የሚጫነው።

24. የሽንብጥ ልጅ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ጠየቀ፣ እዚህ አገር ባንክ የወጣ የዶላር ካርድ ይዤ ብሄድ የሚቆጠርብኝ ካርዱን በሞላሁበት ቀን ዋጋ ነው ወይስ ማሽን ላይ ባሻሻሁበት ቀን።

25. መስኮት 4፣ ካርዱ በዶላር የተሞላ ከሆነ የብሩ ዋጋ በሞላህ ቀን ተቆርጦ አልቋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከዶላር ወደ ድርሃም ነው፣ እሱም ግዢው በካርድ ድርጅቱ በሚመዘገብበት ቀን ሊሰላ ይችላል፣ ያ ካሻሸህ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል አለ። ድርሃም የታሰረ ስለሆነ ዱባይ ላይ አያሳስብም፣ ኢስታንቡል ላይ ግን ሊራው በዚያ መሃል ሊንቀሳቀስ ይችላል።

26. ከውጭ የመጣው ልጅ የሱ ባንክ ባሻሻበት ቅጽበት ቁጥሩን ስልኩ ላይ እንደሚልክለት ተናግሮ ተከራከረ። መስኮት 4 ያ ጊዜያዊ መያዣ እንደሆነ፣ የመጨረሻውን ሁለት ቀን ቆይቶ መግለጫው ላይ እንዲያይ ነገረው። ልጁ አየሁት አልተለወጠም አለ። ሰነድ አጣሪ ስልክህ ላይ የመጣውንና መግለጫው ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አምጣው ብላዋለች፣ እስካሁን አላመጣም።